«ካርዱን ያገድኩት ከ11 ደቂቃ በኋላ ነው»

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ባንክ የጥሪ ማዕከል ተቀጥሬ ሥልጠናዬን ጨረስኩና ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስልክ ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ወረፋው በአንዴ ሞላ። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ቀላ። 18 ሰው ይጠብቃል ይላል፣ እኛ 12 ነን።

8:12 ላይ አንዲት ሴት ደወለች። ቦርሳዋን ነጥቀዋት በሰው ስልክ ነው የምታወራው፤ ካርዷ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ማንነቷን አጣርቼ እንደጨረስኩ መስመሩ ተቋረጠ። «ራሷ መልሳ ትደውላለች» ብዬ መዝገቧን እንደተከፈተ ተውኩትና ቀጣዩን ጥሪ አነሳሁ። አንድ አባት ናቸው፣ የአገልግሎት ክፍያ ሁለት ጊዜ ተቆርጦባቸዋል። እሳቸውን ሆልድ ላይ አድርጌ ከሌላ ክፍል መልስ ስጠብቅ ደቂቃዎቹ ሄዱ። ከዚያ በፊት የጮኸብኝ ሰውዬ ጉዳይም፣ አድራሻ ልትቀይር የደወለች ደንበኛ ጉዳይም አልተዘጉም ነበር።

አጠገቤ ያለችው ነባር ባልደረባዬ ስክሪኔን አየችና «እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ» አለችኝ። አባትየውን ነገ ጠዋት እንደምደውልላቸው ነግሬ እንድሸኛቸው አደረገች። ቀጥሎ ጥሪ እንዳይመጣብኝ ቁልፉን አስጫነችኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ አራቱን ጉዳዮች ጽፋ ካርዱ ጎን «1» አለች። «ሳትደውዪላት እገጂው» አለችኝ። 8:23 ላይ አገድኩት። ግን 8:19 ላይ ገንዘብ ወጥቶበታል።

ማንም አያውቅም። ባልደረባዬም ያየችው ማገዴን ብቻ ነው። ሱፐርቫይዘሬ በመጀመሪያ ቀኔ ይህን ብትሰማ የምታባርረኝ ይመስለኛል። አባትየውንም ገፍቼ የሸኘኋቸው ያህል ይሰማኛል። ሌሊቱን አልተኛሁም። ልናገር ወይስ ልተወው? ሥራውስ ለእኔ የሚሆን ነው?

ጀማሪዋ

መልሱ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በዚያው ቀን ሁለት መስመር ልኬልሻለሁ። «ዛሬውኑ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪያት። ሌላውን በኋላ እናወራለን» የሚል ነበር። ደርቆብሽ ከሆነ ይቅርታ። የቸኮልኩት ጉዳዩ በየሰዓቱ የሚብስ ስለሆነ ነው። አሁን ረጋ ብለን እናውራ።

በደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ አንቺን ካስጨነቀሽ ነገር ይለያል። አንቺ 11ዱን ደቂቃ ነው የምትቆጥሪው። እኔ ደግሞ መዝገቡ ላይ ምን እንደተጻፈ ነው ያሰብኩት። እስቲ ነገሩን በደንበኛዋ ቦታ ሆነሽ እዪው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ መጥታ «ይህን ገንዘብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» ትላለች። ጉዳዩን የሚያጣራው ሰው መዝገቧን ይከፍታል። የሚያገኘው «8:23 ካርዱ ታገደ» የሚል ብቻ ነው። ገንዘቡ የወጣው 8:19 ላይ ነው። እንግዲህ ለእሱ፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ያሳወቀች ሰው ትመስላለች። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ «ደንበኛው መቼ አሳወቀ?» የሚለው ነው። ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። እሷ ግን 8:12 ላይ አሳውቃለች። ይህን በቀላሉ መመስከር የምትችዪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ «ልናገር ወይስ ልተወው» ያልሽው የአንቺ የሕሊና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝም ካልሽ ሂሳቡን እሷ ልትከፍል ትችላለች።

እንዴት ልናገር ካልሽ፣ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። ሱፐርቫይዘርሽን ለብቻዋ «5 ደቂቃ ስጪኝ» በያት፣ መዝገቡንም ከፍተሽ አሳያት። የቀድሞውን ማስታወሻ እንዳታጠፊው፣ እንዳትነካኪውም። ከሥሩ አዲስ ጨምሪ፣ የጻፍሽበትን ቀንና ሰዓትም አስቀምጪ። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦ «8:12 ደንበኛዋ በሌላ ሰው ስልክ ደውላ ካርዷ መሰረቁን አሳወቀች። ማንነቷ ተረጋግጧል። ካርዱን ሳላግድ መስመሩ ተቋረጠ። ሌላ ጥሪ ተቀበልኩ። 8:19 ገንዘብ ወጥቷል። 8:23 ካርዱን አገድኩ።» በቃ። «ወረፋው ስለበዛ» የሚለው እንኳ እዚያ ቦታው አይደለም፣ ለሱፐርቫይዘርሽ በቃል ትነግሪያታለሽ።

ትባረሪ እንደሆነ ልምልልሽ አልችልም፣ አለቃሽን አላውቃትም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። «ማንም አያውቅም» ያልሽው ልክ አይመስለኝም። የባንክ የጥሪ ማዕከል ንግግሮች በአብዛኛው ይቀዳሉ፤ ጥሪው የገባበትና የተቋረጠበት ሰዓትም ሲስተሙ ላይ ይቀራል። ደንበኛዋ አቤት ባለች ቀን 8:12 ላይ አንቺ ጋር እንደነበረች በአንድ ፍለጋ ይገኛል። እኔ ራሴ በዚህ ሥራ ላይ በነበርኩ ጊዜ የሰው ሂሳብ ላይ የተሳሳተ ማስታወሻ ጽፌ ዝም ብዬ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጂውን አስቀምጠው አስደመጡኝ። ስለ ስህተቱ ብዙ አልጠየቁኝም። «ያን ቀን ለምን አልነገርሽንም?» ነበር ያሉኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

አሁን ወደዚያች ከሰዓት በኋላ እንመለስ። ባልደረባሽ ያደረገችው ነገር በደንብ የገባሽ አይመስለኝም። የገባሽ ቢሆን አባትየውን «ገፍቼ ሸኘኋቸው» አትዪም ነበር።

ያ የቀላ ስክሪን እንዴት እንዳስቸኮለሽ ይገባኛል። ቁጥሩ ዓይን ላይ ይሰካል። ግን እስቲ እናስላው። 12 ናችሁ፣ አንድ ጥሪ በአማካይ 6 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በደቂቃ ሁለት ጥሪ ይጠናቀቃል ማለት ነው። ከ18ቱ የመጨረሻው ሰው 9 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። አሁን አንቺ ብቻሽን ተጣድፈሽ ጥሪሽን ከ6 ወደ 4 ደቂቃ አወረድሽው እንበል። ያ የመጨረሻ ሰው የሚያተርፈው ስንት ይመስልሻል? 20 ሰከንድ ገደማ ነው! በዚያ ላይ ካጣደፍሻቸው አንዱ ነገሩ ስላላለቀለት መልሶ ከደወለ፣ አንድ ሙሉ ጥሪ ወረፋው ላይ ጨመርሽ።

ወረፋው በአንዴ መሙላቱም የአንቺ ጥፋት አይደለም። ኮፐንሃገን ውስጥ በስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሂሳብ ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ ስልክ ጥሪዎች ስሌት ጽፎ ነበር። የጥሪ ማዕከሎች ስንት ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ለመገመት ዛሬም የሚጠቀሙት ከእሱ ሥራ የመጣ ቀመር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሠራተኞቹ ትንሽ ፋታ እያላቸው ጥቂት ጥሪ ቢጨመር ማንም ልብ አይለውም። ሁሉም ሰው ፋታ አጥቶ ጥሪ ሲይዝ ግን ያው ጥቂት ጥሪ ሲጨመር ወረፋው ይዘላል። አንቺ ያየሽው ያንን ዝላይ ነው። እሱን የሚያስታግሰው ሰው መጨመር፣ የእረፍት ሰዓት ማሸጋሸግ፣ ለሚጠብቁት መልሶ የመደወል አማራጭ መስጠት ነው። ይህ ሁሉ የሱፐርቫይዘርሽ ሥራ ነው። ደግሞ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣልሽ አንቺ አትመርጪም፣ ሲስተሙ ነው የሚያከፋፍለው። በአንቺ እጅ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ጆሮሽ ላይ ያለው ሰውና ከፍተሽ የተውሻቸው መዝገቦች።

ባልደረባሽ የጻፈችው ስለ ሁለተኛው ነው። ያችን ቁራጭ ወረቀት አልጣልሻትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አራቱን ጉዳዮች እንደገና ደርድሪያቸውና እያንዳንዱን «አንድ ሰዓት ቢቆይ ምን ይበላሻል?» ብለሽ ጠይቂው።

አድራሻ መቀየር፦ ምንም አይበላሽም። የጮኸው ሰውዬ፦ ምን ፈልጎ እንደነበር አልጻፍሽልኝም፣ የጻፍሽልኝ መጮሁን ነው። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይነግረኛል። ጩኸት ከሁሉ በፊት ጆሮ ይይዛል፣ ግን ምን ያህል እንደተናደደ እንጂ ምን ያህል እንደሚያስቸኩል አይነግርሽም። በእኔ ዘመን በጣም ያስፈሩኝ ጥሪዎች ዝቅ ባለ ድምፅ የመጡት ነበሩ። «ይቅርታ፣ ላስቸግርሽ፣ ሂሳቤ ውስጥ የማላውቀው ነገር አየሁ…» እያሉ የሚጀምሩት። የአባትየው ጉዳይ ደግሞ ገንዘባቸው ቀድሞውኑ ተቆርጧል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨመርበት የለም። የካርዱ ጉዳይ ግን በየደቂቃው ይብሳል። እንግዲህ ቁጥር 1 ለምን እዚያ ጎን እንደተጻፈ ታያለሽ።

«ሳትደውዪላት እገጂው» ያለችሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የወደድኩት እሱን ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ መልሶ መደወል ነው የሚቀናው። ጨዋነት ይመስላል። ግን የት ትደውያለሽ? በመዝገቡ ላይ ያለው ስልኳ ምናልባት ከቦርሳው ጋር ሄዷል። የሚያነሳው ሌባው ሊሆን ይችላል። የደወለችበት ስልክ የሌላ ሰው ነው፣ እሷም ከአጠገቡ ሄዳ ይሆናል። አንቺ ደግሞ የሚያስፈልግሽ ሁሉ በእጅሽ ነበር። ማንነቷን አጣርተሻል፣ ካርዷ መሰረቁን ከአፏ ሰምተሻል። ሌላም ነገር አለ። ካርድ በስህተት ቢታገድ መፍትሔ አለው። ደንበኛዋ ትበሳጫለች፣ ምትክ ይሰጣታል። የወጣ ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም። ሁለት ምርጫ ኖሮሽ ጊዜ ሲያጥርሽ፣ ሊቀለበስ ወደሚችለው አጋድዪ። አጣርተሽ ሳትጨርሺ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ በራስሽ አታግጂም፣ ወዲያው ሱፐርቫይዘርሽን ነው የምትጠሪው። በየባንኩ ደንቡ ስለሚለያይ «በዚህ ሁኔታ ምን ላድርግ?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂያት።

እዚህ ላይ በቀስታ ልጠይቅሽ። 8:12 ላይ «ራሷ መልሳ ትደውላለች» ስትዪ እውነት አምነሽበት ነበር? ወይስ ስክሪኑ ላይ ያለው 18 እንዲቀንስልሽ ፈልገሽ? መልሱን ለእኔ መላክ የለብሽም። የጠየቅኩሽ በሁለቱ መካከል ልዩነት ስላለ ነው። የመጀመሪያው የፍርድ ስህተት ነው፣ ልምድ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ድንጋጤ ነው። ለድንጋጤ የሚሻለው እጅ የለመደው ነገር ነው። በዚህ ሥራ የለመድኩት አንድ ነገር ነበር። መስመር ሲቋረጥብኝ ቀጣዩን ከመቀበሌ በፊት «ይህች ሰው ምን ልትለኝ ነበር? አሁን ካላደረግኩላት ምን ይደርስባታል?» ብዬ ለራሴ እላለሁ። 5 ሰከንድ ነው።

እንዲህ ያለ የቀረ ሥራ ለመጨረስ ነው ባልደረባሽ ያስጫነችሽ ቁልፍ የተሠራው። ጥሪ ካለቀ በኋላ የቀረውን ለመጻፍ፣ ለማገድ፣ ለመላክ ከወረፋው ለትንሽ ጊዜ ትወጫለሽ። ሠልጣኞች ይፈሩታል። አለቃ ደቂቃውን እያየ ስለሆነ «ሰነፍ» የሚባሉ ይመስላቸዋል። አዎ፣ ይታያል፣ ይቆጠራልም። ስለዚህ ስትጫኚው ድምፅሽን አሰሚ። «የተሰረቀ ካርድ እያገድኩ ነው፣ 2 ደቂቃ» ማለት ይበቃል። ማንም አለቃ በዚህ አይቆጣም። በሌላ በኩል እዚያ መደበቅም አለ። ልክ ነው፣ አይቻለሁ። አንዳንዱ ቁልፉን ተጭኖ ወረፋው እስኪቀል ያደፍጣል። በምን ታውቂዋለሽ? ስትጫኚው የምትሠሪውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ እየተደበቅሽ ነው።

አባትየውን በተመለከተ ልብሽን ላሳርፈው እፈልጋለሁ። መልሱ ያለው ሌላ ክፍል ነው። እሳቸው መስመር ላይ መቆየታቸው ያንን ክፍል አያፈጥነውም። ሆልድ ላይ ሙዚቃ እየሰሙ መቀመጣቸው ለእሳቸው ምንም አልጠቀመም፣ የአንቺንም ጆሮ ያዘ። ስለዚህ በቀጠሮ መሸኘትሽ ትክክል ነው። አንድ ቅር ያለኝ «ነገ ጠዋት» ማለትሽ ነው። ጠዋት ከስንት እስከ ስንት ነው? ለሚጠብቅ ሰው ከነጋ ጀምሮ ጠዋት ነው። ስልኩን ይዘው ይዞራሉ። 4 ሰዓት ላይ ሳይደወል ሲቀር «ረሳችኝ» ብለው መልሰው ይደውላሉ። ከሌላ ሠራተኛ ጋር ይገናኛሉ፣ ታሪኩን ከሀ ይጀምሩታል። አየሽ፣ ወረፋው ላይ አንድ ጥሪ ተጨመረ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ በዪ፦ «አባባ፣ መልሱን የሚሰጠው ሌላ ክፍል ነው። አሁን ልኬዋለሁ። እርስዎ መስመር ላይ እንዲጠብቁ አልፈልግም። ነገ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ። በየትኛው ስልክ ላግኝዎት?» ከዚያ ሳትዘጊው እዚያው መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፊ፣ ማስታወሻ ደወልም አድርጊበት። በዚያ ሰዓት ሽፍት ላይ የማትኖሪ ከሆነ ደግሞ ቃል አትግቢበት፣ የሚኖረውን ሰው ስም ጠይቀሽ ለእሱ አስተላልፊ። ቀጠሮው ደርሶ መልሱ ገና ካልመጣስ? ያኔም ትደውያለሽ። «ገና አልደረሰም፣ ከሰዓት በኋላ 9 ላይ እደውላለሁ» ማለት ራሱ መልስ ነው። ሰው በመጠበቅ ብቻ አይናደድም፣ መረሳቱ ነው የሚያንገበግበው።

ወረቀቷን ቀጥዪባት። በየሽፍቱ አንድ ወረቀት ያዢ፣ ከፍተሽ የተውሻቸውን ሁሉ በአንድ በአንድ መስመር ጻፊ። ከጎኑ አንድ ሰዓት አድርጊ፣ እስከ መቼ መደረግ እንዳለበት። ሰዓት የሌለው መስመር ካለ ገና አልወሰንሽበትም ማለት ነው። የደንበኞችን የሂሳብ ቁጥር እዚያ ላይ እንዳትጽፊ፣ ለራስሽ የሚገባሽ አንድ ቃል ይበቃል፣ ከሽፍት ስትወጪም ቀደሽ ጣዪው። ማጠናቀቅ ያልቻልሽውን ለቀጣዩ ተረኛ በቃልም በመዝገብም አስረክቢ። የአንድ ደንበኛ ስም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከመጣብሽ ቆም በዪ። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ የቀረ ነገር አለ።

«ሥራው ለእኔ የሚሆን ነው?» ላልሽው በአንድ ሽፍት መልስ መስጠት አልችልም። ሌሊቱን ያላስተኛሽ ነገር ግን የማታውቂያት ሴት ገንዘብና የአንድ አባት ጥበቃ ነው። ስለ ደመወዝሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ይህ ለእኔ ክፉ ምልክት አይደለም። ሦስት አራት ወር ስጪው። ከዚያ ወዲያ ወረፋው ሲሞላ እጅሽ አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ማዕከሉ ውስጥ በጽሑፍ የሚመጡ ጥያቄዎችን የሚመልስ ክፍል ካለ ጠይቂ። እዚያ ወረፋው ይታያል እንጂ ጆሮሽ ውስጥ አይተነፍስም።

ባልደረባሽንም ንገሪያት። 8:19 ላይ ገንዘብ መውጣቱን አታውቅም። «አድነነዋል» ብላ ነው የተለየችሽ። ሌላ ቀን ለሌላ ጀማሪ ስታስተምር ታሪኩን ሙሉውን ማወቅ አለባት። ደግሞ እሷም የራሷን ጥሪ ይዛ ነው ወደ አንቺ የዞረችው፣ አመስግኛት።

እስካሁን ካልነገርሻት፣ ሱፐርቫይዘርሽን ጠዋት ሽፍት ሲቀያየር ሰው ይከባት ይሆናል። ሽፍቱ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድመሽ ግቢ። መዝገቡን ከፍተሽ ጠብቂያት። ከእሷ ስትወጪ የመጀመሪያው ሥራሽ አባትየው ጋር መደወል ነው፤ መልሱ ደረሰም አልደረሰም።